ፓምፕ ያቃጠለው ደብዳቤዬ

አያት አካባቢ ባለው ግቢዬ ሁለት ቤት አከራያለሁ። አዲስ ተከራይ ሲገባ ከቁልፉ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ እሰጣለሁ። ውሉ ወረዳ ቢመዘገብም የሚያወራው ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። ቧንቧ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ያንን ለመናገር የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ፓምፕ አቃጠለብኝ።

የቆሻሻው ነገር ቀላል ነው። ክፍያው ከውሃ ቢሉ ጋር ይመጣል። ማዳበሪያውን ማታ አታውጡ፣ ውሻ ይበትነዋል፤ ጠዋት ሰብሳቢዎቹ ሲጣሩ አውጡ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ለቆራሌው ለብቻው ይቀመጥ። መኪናም ግቢው ሁለት ይይዛል። በሩ ፊት ለፊት ግን ማንም አያቁም፣ ምክንያቱም የውሃ ቦቴ የመጣ ቀን ቱቦው ታንከሩ ጋ አይደርስም።

ወደ ውሃው ልምጣ። ሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። የመጣው መሬት ላይ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳለው 1,000 ሊትር ይገፋዋል። ቤቶቹ የሚጠቀሙት ከላይኛው ነው። ይህን ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ውሃ ሲያልቅባችሁ ፓምፑን አብሩ።»

አዲስ የገቡ ባልና ሚስት ነበሩ። ፈረቃው ሁለት ጊዜ ዘለለን፣ የታችኛው ሮቶም ባዶውን ቀረ። ማታ ቧንቧው ሲደርቅባቸው ወረቀቱ ያለውን አደረጉ። ፓምፑን አበሩ፣ እስኪሞላ ብለው ተኙ። ጠዋት ባልየው ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ሲጮህ አደረ፣ ውሃ ግን ጠብ አላለም።»

ስደርስ ፓምፑ እጅ አያስነካም። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ባለሙያው ፈትቶ አሳየኝ። ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃ ሳይኖረው ሲሽከረከር መጀመሪያ ውሃውን ከሞተሩ የሚለየው ማሸጊያ ይቃጠላል፣ ከዚያ ሙቀቱ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የእኔ ከማሸጊያውም አልፎ ጥቅልሉ ጠቁሮ ነበር። ማስጠቅለሉ ስለማያዋጣ አዲስ ገዛሁ።

ተናድጄ ስለነበር የዋጋውን ግማሽ እንዲከፍሉ አደረግኩ። ውሉም «ተከራይ ያበላሸውን ይጠግናል» ይላል። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዬን ሳነበው ግን ልጆቹ የሰሩት ቃል በቃል እኔ ያዘዝኩትን ነው። ብሩን በሦስተኛው ቀን መለስኩላቸው። ሦስት ቀን መቆየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ያ መስመር እንዲህ ሆኗል፦ «ፓምፑን ከመንካታችሁ በፊት የታችኛውን ሮቶ በጣታችሁ አንኳኩ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ባዶው ቦታ ይጮሃል፣ ውሃ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የሚታፈነው ከጉልበታችሁ በታች ከሆነ ፓምፑን አታብሩ። ካበራችሁም ከ40 ደቂቃ በላይ አይስራ፣ እስከዚያ ካልሞላ የሆነ ችግር አለ። ፓምፑ በርቶ አትተኙ።» ጉልበት ያልኩት ፓምፑ የሚስብበት ቧንቧ ከታች ስለሆነና ከዚያ ሲወርድ አየር መሳብ ስለሚጀምር ነው። 40 ደቂቃ የኔ ፓምፕ የላይኛውን ለመሙላት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የእናንተን ራሳችሁ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜ ማብሪያው አጠገብ ለጠፍኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ማታ ማንም አይፈልገውምና።

ውሃው ሲወርድ ፓምፑን ራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያም አስገጠምኩ። ፓምፑን መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው «አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። ያስፈልጋል። የገመዱ ርዝመት ግን በትክክል ካልተስተካከለ ዘግይቶ ነው የሚያጠፋው፤ ስለዚህ ማንኳኳቱን አላስቀረሁም።

ውሃ ሲጠፋ ለአገልግሎቱ ደውላችሁ አመልክቱ ይባላል። እኔ ለተከራዮቼ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ እላለሁ። ጎረቤት ካለው ችግሩ የእኛ ነው፤ ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ እንደሆነ ይታያል። ጎረቤትም ከሌለው ያኔ ይደወል። እኔ አንዴ ስልክ ይዤ ግማሽ ቀን ጠብቄ፣ መዝጊያው ተዘግቶ አግኝቼዋለሁ።

የጥገና ስልኮቹን ከታች ጻፍኩ፦ የቧንቧ ሰራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሰራተኛው፣ እኔ። ለእሳት 939። በየስድስት ወሩ እየደወልኩ የሚያነሱ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ፣ አንዴ የጻፍኩት ቁጥር ለዓመት ያህል ዝግ ሆኖ ቆይቷልና። ከስልኮቹ በላይ በደማቁ ያለው ግን ይህ ነው፦ «መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ ደውሉ። ውሃ ሲፈስ ወይም ሽቦ ሲሸት የእኔን ፈቃድ አትጠብቁ። ባለሙያውን ጥሩ፣ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ።»