አጎበር በበዛበት ወባም ሲበዛ

የወረዳ ቁጥር ይዞ ስለ ሰው መናገር ምን ያህል ጣጣ እንዳለው፣ ለማስተርስ ጥናቴ ስነሳ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ርዕስ ለያዛችሁ ነው።

መጀመሪያው ቀላል ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይወጣል፣ የየወረዳው የወባ ታማሚ ቁጥር ከጤና መረጃ ሥርዓቱ ከDHIS2 ወደ ኤክሴል ይገለበጣል። የተከፋፈለው አጎበር ዝርዝር ዞን አለ። ሁለቱንም ለሕዝብ ቁጥር አካፍዬ ግራፍ ላይ ሳስቀምጣቸው ነጥቦቹ ሽቅብ ወጡ። አጎበር በበዛበት ወረዳ ወባም በዝቷል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አገራችን ውስጥ ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ነው። አጎበርም የሚታደለው እዚያው ነው። ግራፉን ያቀረብኩትም ይህንኑ ለማሳየት ነበር።

ስብሰባው ላይ ግን አንድ ኃላፊ ከአፌ ነጠቁኝ። «በቃ፣ የሚታመመው አጎበር የሚጠቀመው ሰው ነው ማለት ነው!» አሉ። አይ፣ ይህ ስለ ወረዳው እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም አልኳቸው። «ወንድሜ፣ ወረዳ ከሰው ሌላ ምን አለው?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አጎበሩ «ውጤታማነቱ ያጠራጥራል» የሚል ዓረፍተ ነገርም ቃለ ጉባኤው ውስጥ ገባ። ማንም አልሰረዘውም። እስካሁን ያበግነኛል።

ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አልነበረም። መልሱን ለማስረዳት ብቻ በፈጠርኩት ቁጥር ላሳይ። አንድ ሺህ ሰው ያለበት የቆላ ወረዳ አለ እንበል። 800ው አጎበር ውስጥ ይተኛል፣ 200ው አይተኛም። በዓመት 120 ሰው ታመመ። የወረዳው ሪፖርት የሚነግረን ይህን ያህል ብቻ ነው። ከታመሙት ውስጥ ስንቱ አጎበር ተጠቃሚ ነው? ሁሉም ከ200ዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ አጎበር ተአምር ሠርቷል። ሁሉም ከ800ዎቹም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ አጎበር ጉድ ነው። ድምሩ ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። ኢኮሎጂካል ፋላሲ የሚባለው እንግዲህ ይህን ባዶ ቦታ በግምት ሞልቶ ስለ ግለሰቡ መፍረድ ነው።

አሁን ውስጡን እናውቃለን እንበል። በቆላው ከተጠቃሚዎቹ 80፣ ከማይጠቀሙት 40 ታመዋል፤ 10 በመቶ እና 20 በመቶ። በደጋው ወረዳ ደግሞ ከሺህ ሰው 100 ብቻ ይጠቀማል፤ ከእነሱ 1፣ ከቀሩት 900 ደግሞ 18 ታመዋል፤ 1 በመቶ እና 2 በመቶ። በሁለቱም ቦታ አጎበር አደጋውን በግማሽ ቀንሷል። ወረዳ ከወረዳ ሲወዳደር ግን አጎበር የሞላበት 12 በመቶ ታሞበት፣ እምብዛም የሌለበት 2 በመቶ እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው የግለሰብ መረጃ ሰብስብ» ይላል። አይበቃም። የሁለቱን ወረዳ ሰዎች አንድ ላይ ቀላቅሉና ቁጠሩ። ከ900 ተጠቃሚ 81 ታሟል፣ 9 በመቶ። ከ1100 የማይጠቀም 58፣ 5 በመቶ ገደማ። ሰው በሰው ተቆጥሮም አጎበር ወንጀለኛ ሆኖ ይወጣል። ቆላውን ከቆላው ጋር ማወዳደር የግድ ነው።

አማካሪዬ በኋላ የሰጡኝ፣ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዊሊያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ጽሑፍ ቀደም ብሎ ቢደርሰኝ ምንኛ በጠቀመኝ። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካ ቆጠራ፣ የውጭ ተወላጅ የበዛባቸው ክፍለ ግዛቶች ማንበብ የማይችል ሰው ያነሰባቸው ነበሩ። ሰው በሰው ሲታይ ግን ማንበብ የማይችለው በብዛት የሚገኘው ከውጭ ተወላጆቹ መካከል ነበር። ስደተኛው የሰፈረው የተማረ ሰው በበዛበት አካባቢ ነውና።

እኔ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡት መካከል ምርመራው ወባ ያለባቸውን ከሌለባቸው ጋር፣ ቀበሌያቸውን አንድ እያደረግኩ አወዳደርኩ። የተለመደው መጠይቅ «ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ ተኝተዋል?» ይላል። እኔ አልወደውም። ትኩሳት የጀመረው ሰው አጎበሩን ፈልጎ ይዘረጋል፤ ትንኟ የነከሰችው ግን ቀደም ብሎ ነው። ከመታመም በፊት ስለነበሩት ሁለት ሳምንታት ጠይቁ። «ቤት ውስጥ አጎበር አለ?» ብቻ ማለትም አያዋጣም፤ ተሰጥቶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ስንቱን አየሁ።

«ከቤት ውጭ አድረው ያውቃሉ?» የምትለዋን ጥያቄ ደግሞ አትርሷት። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተነከሰ የደጋ ልጅ፣ አገሩ ገብቶ ሲታመም የሚመዘገበው በደጋው ወረዳ ስም ነው። የወረዳውን ቁጥር ግን አትጣሉት። አጎበሩ የት ይላክ፣ መድኃኒቱ የት ይብዛ ለሚለው ከእሱ የተሻለ የለንም።