ዓይን ወዴት እንዳየ መቁጠር፦ የተማሪዎችን የቃል ገለጻ ስመዝን የተማርሁት

የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን የጥናት ገለጻ ባለፈው ሳምንት ተጠናቀቀ። 23 ተማሪዎችን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር መዘንን። እርሱ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሳንነጋገር ከ20 ነጥብ ሰጠን። ቅጾቻችንን ስናስተያይ ከሁለት ነጥብ በላይ የተራራቅነው በሁለት ተማሪዎች ላይ ብቻ ነበር። አምና በግማሾቹ ላይ እንደዚያ ተራርቀን ስለነበር፣ በዚህ ውጤት በጣም ደስ ብሎኛል። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ መምህራን ይጠቅማል ብዬ የመጣሁበትን መንገድ እጽፋለሁ።

የገለጻውን ቅደም ተከተል መመዘን ያን ያህል አላስቸገረኝም። ድሮ ቅጹ «መግቢያ፣ ዋና ክፍል እና መደምደሚያ አለው ወይ?» ይላል፤ ሁሉም ተማሪ እነዚህን ርዕሶች በስላይዱ ላይ ስለሚጽፍ ሁሉም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ። ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ «ተማሪው ምን ለማወቅ ተነሣ?» የሚለውን፣ ገለጻው ሲያበቃ ደግሞ «ምን አገኘ?» የሚለውን። ሁለቱ ካልተገናኙ ገለጻው መንገድ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። የእህል ከረጢት ዓይነቶችን ሊያወዳድር የተነሣ ተማሪ «ለአርሶ አደሮች ሥልጠና ይሰጥ» ብሎ ከጨረሰ፣ ርዕሶቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ከግማሽ በላይ አልሰጠውም።

ስለ አነጋገር ደግሞ አንድ ምልክት ብቻ ልንገራችሁ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎች ጽሑፉን በቃል ይሸመድዱታል። የሸመደደ ተማሪ መብራት ጠፍቶ ወይም በር ተከፍቶ ሲቋረጥ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ቃል ይጀምረዋል። ጉዳዩን የሚያውቀው ግን ካቆመበት ሐሳብ ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ቃል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው በድምፁ ላይ መሰማቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥር መዛኝ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፤ ቃሉ ለሰሚው እስከገባ ድረስ የሚቀነስ ነጥብ የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቸገረኝ ዓይን ነው።

አምና ለአንድ ተማሪ በዚህ መስፈርት ከ5 ሁለት ሰጠሁት፤ ባልደረባዬ አምስት ሰጠው። እኔ «አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየንም» አልሁ፤ እርሱ «ከእኔ ላይ ዓይኑን አልነቀለም» አለ። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። አዳራሹን በወረቀት ላይ ሥለን ስናየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። አትሮኖሱ በተመልካቹ ግራ በኩል ከፊት ነው፤ ማሳያው መሐል ላይ ነው። እኔ የተቀመጥሁት በዚያው በግራ፣ በፊተኛው ረድፍ፣ ከአትሮኖሱ ሥር ነበር። ተማሪው ማሳያውንም ሰውንም ለማየት ሲቆም ሰውነቱ ወደ ተመልካቹ ቀኝ ይዞራል፤ ዓይኑ የሚያርፈው ባልደረባዬ በተቀመጠበት በቀኙ የኋላ ረድፍ ላይ ነው። እኔን ለማየት አንገቱን ጠምዝዞ እግሩ ሥር መመልከት ነበረበት። ስለዚህ እኔ የመዘንሁት የተማሪውን ዓይን ሳይሆን የራሴን ወንበር ነበር።

ከዚያ በኋላ በስሜት ነጥብ መስጠትን ትቼ መቁጠር ጀመርሁ። መጀመሪያ ገለጻውን ሁሉ በየ10 ሴኮንዱ ልቆጥር ሞከርሁ። የ10 ደቂቃ ገለጻ 60 ጭረት ይወጣዋል፤ ጭረቱን ስጽፍ ተማሪው ያለውን አልሰማሁም። አሁን የምቆጥረው በሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው፣ በአምስተኛው እና በመጨረሻው። በየደቂቃው ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 18 ጊዜ ቀና ብዬ ዓይኑ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለ አያለሁ። ቅጼ ላይ ስድስት ሣጥኖች አሉ፦ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ፣ ሥዕል እያሳየ፣ ጽሑፍ እያነበበ፣ ወለል ወይም ወረቀት። ባልደረባዬም በሌላው ጥግ ሆኖ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለታችንም ከፊተኛው ረድፍ ተነሥተን ከመሐል ወደ ኋላ ሄደናል።

«ሥዕል እያሳየ» እና «ጽሑፍ እያነበበ» የሚሉትን መለየት ብዙ ዋጋ ከፍሎኛል። ተማሪ በሠንጠረዥ ላይ ጣቱን ሲጠቁም ማሳያውን ማየቱ ትክክል ነው፤ እኛም የምናየው እርሱን ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዘንድሮዋ አንዲት ተማሪ ላሳያችሁ። ጥናቷ አየር በማያስገባ ከረጢት የተቀመጠ በቆሎ ከነቀዝ መትረፍ አለመትረፉን ያየ ነበር። የ18ቱ ጭረቶች ውጤት እንዲህ ነው፦ ቀኝ 5፣ መሐል 4፣ ግራ 1፣ ሥዕል እያሳየች 4፣ እያነበበች 2፣ ወለል 2። ስለዚህ 14ቱ ተገቢ ቦታ ላይ ነበሩ። የግራውን ሰው ግን ረስታዋለች። ከ3 ሁለት ሰጠኋት።

ወደ ጥያቄው ሲደርስ አንድ አንጋፋ መምህር ተነሥተው «ነቀዝ በቆሎን እንዲህ ከጨረሰ ጤፍን ለምን አይነካም?» አሏት። ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የመለሰችው በአማርኛ ቢባል እንዲህ ነው፦ «መምህር፣ ጥናቴ በበቆሎ ላይ ብቻ ስለነበር ጤፍን አልሞከርሁም። ነገር ግን ነቀዟ እንቁላሏን በፍሬው ውስጥ ትጥላለች፤ እጩም የሚያድገው እዚያው አንዲቱ ፍሬ ውስጥ ነው። የጤፍ ፍሬ ለዚያ የሚበቃ አይመስለኝም።» መልሱን እስክትጨርስ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም።

አምና ቢሆን ኖሮ «በራስ መተማመን የላትም» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ብዕሬን ገታሁ። እኛ ያደግነው ልጅ ታላቁን ትኩር ብሎ ሲያይ «ዓይን አውጣ» በሚባልበት፣ አንገት ደፊ መሆን በሚመሰገንበት ቤት ነው። በተለይ ሴት ልጅ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቷን እንድትደፋ ያስተማርናትን ልጅ፣ በአንድ ቀን ቀና ብለሽ ሽማግሌውን ካላየሽ ብለን ነጥብ መቀነስ ፍትሕ አይመስለኝም። መስፈርቱን መሰረዝም አልፈለግሁም፤ ነገ በሥራ ላይ ሰዎች ፊት ትቆማለችና። የደረስንበት ስምምነት በጥያቄና መልስ ጊዜ ዓይንን ጨርሶ አለመቁጠር ነው። ዓይን የሚቆጠረው በገለጻው ሰዓት ብቻ ነው፤ ነጥቡም ከ5 ወደ 3 ወርዷል። ለቅደም ተከተል 6፣ ለአነጋገር 4፣ ለጥያቄ 7 ሰጠን።

ዓይንን ለማለማመድ ከአንድ ዘዴ በቀር አልመክርም፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው ጀምሮ መጨረስ፣ ቀጣዩን በሌላ ጥግ ላለ ሰው መናገር። «ከሰዎቹ ራስ በላይ የኋላውን ግድግዳ እዩ» የሚለውን ምክር እቃወማለሁ። ከኋላ ለተቀመጥን ሰዎች ፍጹም ይታወቃል፤ ተናጋሪውም ማን እንዳልገባው ማየት አይችልም።

የጥያቄውን 7 ነጥብ በሦስት ከፍለነዋል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ለአዳራሹ መድገም 2፣ የተጠየቀውን ራሱን መመለስ 3፣ ያጠናውንና የሚገምተውን ለይቶ መናገር 2። ያቺ ተማሪ ጥያቄውን ለኋላው ሰው ስላልደገመች አንድ ቀንሼ 6 ሰጠኋት። ከእርሷ ቀጥሎ የቀረበው ወጣት ድምፁ የሚሞላ፣ ቀና ያለ ነበር። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጀመረና ያሳየንን ስላይድ ሁለት ደቂቃ ያህል ደገመልን። የተጠየቀው ናሙናውን ለምን ከአንድ ቀበሌ ብቻ እንደወሰደ ነበር፤ እርሱን አልነካውም። 2 ሰጠሁት። በአምናው ቅጽ ከ5 አራት ያገኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

ይህ ስሕተት የቆየ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መዛኞች በአንድ ነገር የወደዱትን ሰው በሌላውም ሁሉ ከፍ አድርገው እንደሚመዝኑት አሳይቷል። እኔ የማደርገው መከላከያ የጥያቄውን ነጥብ መልሱ እንዳበቃ ወዲያው መጻፍ፣ የአነጋገሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ መሙላት ነው። በተጨማሪ ለሁሉም ተመሳሳይ ዓይነት ሦስት ጥያቄ አስቀድሜ እጽፋለሁ፦ ምን አደረግህ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ፣ ከጥናትህ ውጭ ቢሆንስ። ይህን ካላደረግሁ ለጎበዙ ቀላል፣ ለደካማው ከባድ፣ አንዳንዴም የዚህን ተቃራኒ እጠይቅ ነበር። ጥያቄ መስሎ አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን የመምህራን አስተያየት ደግሞ ሰብሳቢው እንዲያቋርጥ ጠይቀናል። ተማሪው ምን እንደተጠየቀ ካላወቀ ምኑን እንመዝናለን?

ያልተፈታልኝም አለ። አሁንም ደስ የሚል ድምፅ ሲመጣ እጄ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ የቀረቡትን ከጠዋቶቹ ይልቅ ጨክኜ እመዝናለሁ። ለዚህም ሦስተኛው ተማሪ ሲያበቃ የመጀመሪያውን ቅጽ መልሼ አነባለሁ፤ ከሰዓት በኋላም የጠዋቱን አንድ ቅጽ ከፊቴ አስቀምጣለሁ። ያግዛል፣ አይበቃም። አምና ወለል እያዩ ትክክለኛ መልስ የሰጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ነጥባቸው ስለገባ ላስተካክለው አልቻልሁም። ዛሬም ያሳዝነኛል።

ዘንድሮ ዓይኑ በጣም የደከመ ተማሪ ቀርቦ ነበር። የዓይኑን 3 ነጥብ አውጥተን ከ17 መዝነን ወደ 20 ለወጥነው፤ ትክክል ያደረግን መስሎን ነበር። ከገለጻው በኋላ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ከሌሎቹ ተለይቼ ባልመዘን ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲናገር ፊቴን ወደ ድምፁ አዞራለሁ፤ ስገልጽም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እዞራለሁ። ይህን ለምን አልቆጠራችሁልኝም?» አለኝ። ማስታወሻዬን አወጣሁ፤ ለእርሱ ምንም ጭረት አልነበረበትም። ለባልደረባዬ ነገርሁትና ለሚቀጥለው ዓመት ቅጽ «ዓይን» የሚለውን ቃል ሰርዘን «ፊት» ብለን ጻፍን።