ከበሮው ተመቶ ድምፁ ከ6 ሰከንድ በኋላ ሲመጣ

ጥር ላይ ጎንደር ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ፋታ የለውም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ካሜራማን ያልጠሩ ቤተሰቦች ደግሞ በስልካቸው የቀረጹትን ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ከአዘዞ የመጣ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ያመጣችው የሙሽራዋ ታላቅ እህት ናት። ኤዲተሩ ላይ ጭኜ አብረን ስናየው መጀመሪያው ደህና ነው። መሃል ላይ ስንደርስ፣ “ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ምን ሆነ? እጇ ከበሮው ላይ አርፎ፣ ቆይቶ እኮ ነው ድምፁ የሚመጣው” አለችኝ። ልክ ነበረች።

እንዲህ ዓይነት ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ምንም ሳልነካ ዋናውን ፋይል በቪኤልሲ መክፈት ነው። ከፈትኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምስሉና ድምፁ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ይሄ ብዙ ነገር ይናገራል። ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ስልኩም በትክክል ቀርጿል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ኤዲተሩ ፋይሉን በሚያነብበት መንገድ ላይ ነው።

ስልክ ቪዲዮ ሲቀርጽ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ “እኔ መታየት ያለብኝ በዚህ ሰዓት ነው” የሚል የጊዜ ምልክት ያስቀምጣል። ፍሬሞቹ እኩል ተራርቀው መምጣታቸው ግዴታ አይደለም። ቪኤልሲን የመሰለ ማጫወቻ ምልክቱን እያየ ያሳያል። አንዳንድ ኤዲተሮች ግን በሰከንድ 30 ፍሬም ነው ብለው ይወስኑና ፍሬሞቹን እኩል ደርድረው ያስቀምጣሉ። ድምፁ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ሁለቱ ይለያያሉ።

ፋይሉን የቪዲዮን ዝርዝር መረጃ በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ ስከፍተው የጠበቅኩትን አገኘሁ። `Frame rate mode` የሚለው ላይ `Variable` ይላል። አማካዩ 29.900 ነው። ዝቅተኛው 24 አካባቢ፣ ከፍተኛው 30 አካባቢ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ 29.9 እና 30 ምን ያህል ይለያያሉ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ ማወቅ ፈለግኩ።

ለዚህ ከበሮ የሚያክል ነገር የለም። ሰው ሲያወራ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር በፍሬም ደረጃ ማመሳከር ያስቸግራል። ከበሮ ላይ ግን እጅ ቆዳውን የሚነካበት አንድ ፍሬም አለ። ከዚያ በፊት ያለው ፍሬም ላይ እጁ አየር ላይ ነው። ድምፁም ታይምላይኑ ላይ እንደ ሹል ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ በየቦታው አንድ አንድ ምት መርጬ በእጁና በጫፉ መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። 3ኛው ደቂቃ ላይ ልዩነት የለም። 10ኛው ላይም የለም። 13ኛው ላይ ድምፁ በ6 ሰከንድ ዘግይቷል። 20ኛው ላይም 6፣ 29ኛው ላይም 6።

ልዩነቱ ቀስ በቀስ አላደገም ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ መጥቶ እዚያው ቆሟል። በ10ኛውና በ13ኛው ደቂቃ መካከል ያለውን ሳየው ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መብራት ጠፍቷል! ዳሱ ውስጥ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል ጨለማ ነው፤ ሰዎቹ በስልክ መብራት ይጨፍራሉ። ስልኩ ብርሃን ሲያጣ እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት አድርጎ ብርሃን ለመሰብሰብ ይሞክራል። ስለዚህ በሰከንድ 30 የነበረው ወደ 24 ወረደ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ወደ 30 ተመለሰ።

ሒሳቡም ልክ ይመጣል። 30 ሰከንድ በ24 ሲባዛ 720 ፍሬም ነው። ኤዲተሩ 720ውን በሰከንድ 30 ሲደረድረው በ24 ሰከንድ ያልቃል። 30 ሰከንድ የፈጀው ጨለማ ታይምላይኑ ላይ 24 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ 6 ሰከንድ ቀደመ። የ30 ደቂቃው አማካይ 29.9 የሆነውም በእነዚህ በጎደሉት 180 ፍሬሞች ነው። ትንሽ የሚመስለው አማካይ የደበቀው ይሄንን ነበር።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ “ድምፁን ትንሽ ጨመቅ አድርገውና ጨርስ” አለኝ። ይሄ ምክር ሁሌም ይሰማል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም። 6 ሰከንዱን በ30 ደቂቃ ላይ ብታከፋፍለው መጨረሻው ይገጥም ይሆናል። ደህና የነበረው የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ግን ይበላሻል፣ ከጨለማው በኋላ ያለውም እስከ መጨረሻው አይገጥምም። እንዲያውም ድምፁን መንካት አያስፈልግም፤ ድምፁ ትክክል ነው። መስተካከል ያለበት ምስሉ ነው፣ እሱም ወደ ኤዲተሩ ከመግባቱ በፊት። ይሄንን የምሠራው በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው `ffmpeg` በሚባል ፕሮግራም ነው።

```
ffmpeg -i serg.mp4 -fps_mode cfr -r 30 -c:v libx264 -crf 18 -preset veryfast -c:a copy serg30.mp4
```

ይሄ ትእዛዝ የጊዜ ምልክቶቹን እያነበበ በትክክል በሰከንድ 30 ፍሬም ያወጣል። ፍሬም በጎደለበት ቦታ የቀደመውን ይደግማል። ድምፁን እንዳለ ይቀዳዋል። ሲሠራ ታች በሚሮጠው መስመር ላይ `dup=` የሚል ቁጥር አለ፤ ይሄ የተደገሙት ፍሬሞች ብዛት ነው። የእኔ 180 አካባቢ ቆመ። የሒሳቤ ማረጋገጫ ይሄ ነበር። የቆየ የ`ffmpeg` ስሪት ያለው ሰው በ`-fps_mode cfr` ፋንታ `-vsync cfr` ብሎ ይጻፍ። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ደግሞ ሃንድብሬክ ላይ 30 መርጦ `Constant Framerate` ማለት ይችላል። በ60 ለተቀረጸ 60 ይምረጥ።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ። `-r 30` የሚለው ከ`-i` በኋላ ይግባ። ከፊቱ ከገባ ፕሮግራሙ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን የጊዜ ምልክቶች ጥሎ፣ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ያነባል። ያ ማለት ኤዲተሩ የሠራውን ጥፋት በገዛ እጅህ መድገም ነው። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም፤ ፋይሉ ይወጣል፣ ድምፁ ግን ያው 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው።

ጉድለትም አለው። ጨለማው ክፍል ላይ ከየአራት ፍሬሙ በኋላ አንዱ ስለሚደገም እስክስታው ትንሽ ይንገጫገጫል። ከሩቅ አይታወቅም፣ ጠጋ ብሎ ያየ ግን ያየዋል። ስልኩ ያልቀረጸውን ፍሬም ማምጣት አይቻልምና እዚያው ተውኩት። ሌላው፣ ዋናው ቪዲዮ የግድ ያስፈልጋል። ቀድሞውኑ በሌላ ኤዲተር ተበላሽቶ ኤክስፖርት የተደረገ ከሆነ የጊዜ ምልክቶቹ እንደ አዲስ ተጽፈዋል፤ ቪኤልሲ ላይም ሲከፈት አይገጥምም። ያኔ ያለው አማራጭ ቦታውን ፈልጎ ቆርጦ በእጅ መግፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኞቼን በቴሌግራም ስትልኩልኝ እንደ ፋይል ላኩት እላለሁ።

በስልክ ስክሪን ሪከርድ የተደረገም መድኃኒቱ ይሄው ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ስልኩ አዲስ ፍሬም ላያወጣ ይችላል። ሰውየው አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ሲያብራራ ፍሬሞቹ እጅግ ይሳሳሉ፣ ልዩነቱም ከሰርጉ ይብሳል። እዚህ ላይ መድገሙ ምንም አይጎዳም፤ የቆመ ምስል ነውና።

በዚያው ሰሞን የመጣልኝ ሌላ ሥራ ግን ከውጭ ተመሳሳይ፣ ከውስጥ የተለየ ነበር። ፒችትሪ የሚያስተምር ወዳጄ የ2 ሰዓት ትምህርት ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ቀርጿል። ፊቱ ጥግ ላይ ይታያል። ድምፁን ለጥራት ብሎ በደረት ማይክ ስልኩ ላይ ለብቻ ቀድቷል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እንዲያጨበጭብ ነግሬው ስለነበር አጨብጭቧል። የመጀመሪያዋን ጭብጨባ ሳገጥም የመጨረሻዋ በ0.3 ሰከንድ ዘግይታ መጣች። መሃል ላይ የማውዝ ክሊክ አመሳከርኩ። አንድ ሰዓት ላይ 0.15፣ ግማሽ ሰዓት ላይ የዚያ ግማሽ ያህል።

ይሄ እንደ ሰርጉ አንድ ቦታ ላይ አይዘልም፤ በእኩል ፍጥነት ያድጋል። የኦቢኤሱ ቪዲዮ `Constant` ነው፣ ስለዚህ ፍሬም መቀየር አይረዳም። ምክንያቱ ሁለት የተለያዩ ሰዓት ቆጣሪዎች መኖራቸው ነው። ኮምፒውተሩም ስልኩም በሰከንድ 48000 የድምፅ ናሙና እቆጥራለሁ ይላሉ፣ ግን የአንዱ ሰከንድ ከሌላው በጥቂቱ ይረዝማል። 0.3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የBT.1359 ምክረ ሐሳብ መሠረት ግን ሰው ድምፅ ከምስል መዘግየቱን ማስተዋል የሚጀምረው ከ0.125 ሰከንድ አካባቢ ነው። ድምፅ ከቀደመ ደግሞ 0.045 ይበቃል። የወዳጄ ትምህርት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከዚያ አልፏል።

እዚህ ላይ ድምፁን መጨመቁ ትክክለኛ መፍትሔ ነው። በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ቪዲዮው 7200 ሰከንድ፣ ድምፁ 7200.3 ነው። 48000ን በ7200.3 አባዝቼ ለ7200 ሳካፍል 48002 ይመጣል።

```
ffmpeg -i dimts.wav -af asetrate=48002,aresample=48000 dimts2.wav
```

የመጀመሪያው ክፍል ድምፁን በጥቂቱ ያፈጥነዋል፣ ሁለተኛው ወደ መደበኛው 48000 ይመልሰዋል። የድምፁ ቅላጼ መቀየሩን ጆሮ አይለየውም። ፋይሉ 44100 ከሆነ ሒሳቡ በዚያው ቁጥር ይሠራል።

ወዳጄ በሚቀጥለው ሳምንት፣ “አሁን ቁጥሩን አውቀኸዋል፣ ማጨብጨቡን ልተወው?” ብሎ ጠየቀኝ። አትተወው አልኩት። በእነዚያው ሁለት ዕቃዎች ሲቀርጽ 48002 የተጠጋ ቁጥር ይመጣል፣ ግን ሰዓት ቆጣሪው በሙቀት ይለዋወጣል። ስልኩን ወይ ኮምፒውተሩን ከቀየረ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው። ጭብጨባው ሁለት ሰከንድ ቢወስድ ነው፤ ያለሱ ግን የ2 ሰዓቱን መጨረሻ በክሊክ እየፈለግኩ መለካት ሊኖርብኝ ነው።