400 ዶላር ተልኮ 375 ሲገባ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጎረቤቴ የሆነች ልጅ ካናዳ ላለ አንድ ድርጅት በርቀት ግራፊክስ ትሠራለች። ቤቷ ተቀምጣ፣ በላፕቶፕ። ድርጅቱ በወር ሁለት ጊዜ 400 ዶላር ይልክላታል። መጋቢት 2016 ላይ አንድ ማታ እኔ ቤት መጣች። እኔ ባንክ ውስጥ በውጭ አገር ክፍያ ክፍል ዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን የሒሳብ ሥራ በርቀት እሠራለሁ።

«ጋሼ፣ ብሬን ማን እንደሚወስድብኝ ይንገሩኝ» አለችኝ። አሠሪው 400 ልኬያለሁ ይላል። ሒሳቧ ላይ የገባው ግን 21,000 ብር ነው። የዚያን ቀን የባንኩ የመግዣ ዋጋ 56 ብር ስለነበር 22,400 መግባት ነበረበት። 1,400 ብር ጠፍቷል። እሷ አሠሪውን ጠርጥራለች። እናቷ ደግሞ ባንኩን።

ሰው ሲቆረጥበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እነዚህን ሁለቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ገንዘቡ የሚቀነሰው መሐል ላይ ነው። ከካናዳ የሚላክ ዶላር በቀጥታ እኛ ባንክ አይገባም። የላኪው ባንክ አሜሪካ ውስጥ የዶላር ሒሳብ የያዘበት ባንክ አለው። የእኛም ባንክ እንዲሁ። ገንዘቡ በእነዚህ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዳቸውም ከሚያልፈው ላይ የአገልግሎት ክፍያ ሊቆርጡ ይችላሉ። ስማቸውን ተቀባዩ አያውቀውም።

«የስዊፍቱን መልእክት ኮፒ ከሁለቱም ወገን አምጪ» አልኳት። ስዊፍት ባንኮች የክፍያ ትእዛዝ የሚለዋወጡበት መረብ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ መልእክት ስም ያኔ MT103 ነበር። አሠሪው ከባንኩ ጠይቆ ማግኘት ይችላል። እኛ ባንክም የደረሰው መልእክት አለው። ቅርንጫፉ መጀመሪያ «እህቴ፣ ይሄ ለደንበኛ አይሰጥም» ብሏት ነበር። ገንዘብ ጎድሎብኛል ብላ በጽሑፍ ስታመለክት ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት አስመጡላት። ሁለቱንም ኮፒ ማየት ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። የአሠሪው ኮፒ 400 መውጣቱን ብቻ ያሳያል፤ በኋላ የተቆረጠውን አያውቅም። ተቀናሹ የሚታየው እዚህ በደረሰው ላይ ነው። የደረሰው ላይ ዋናዎቹ መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

```
:32A:240311USD375,
:33B:USD400,
:71A:SHA
:71F:USD15,
:71F:USD10,
```

33B ላኪው ያዘዘው መጠን ነው። 32A የእኛ ባንክ እጅ የገባው ነው። 71F ደግሞ መንገድ ላይ የተቆረጠ ነው። ሁለት ጊዜ መጻፉ ሁለት ባንኮች መቁረጣቸውን ያሳያል፤ አንዱ 15፣ ሌላው 10። 375 በ56 ሲባዛ ልክ 21,000 ይሆናል። አሠሪው አልዋሸም፣ ቅርንጫፉም አልነካም። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አሠሪዬን ክፉ ቃል ሳልናገረው በመቅረቴ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ነገሩን የወሰነው 71A ላይ ያለው SHA ነው። ላኪው የራሱን ባንክ ይከፍላል፣ የቀረው ከተቀባዩ ላይ ይነሳል ማለት ነው። BEN ቢሆን ኖሮ ሁሉም ከእሷ ይቆረጥ ነበር። OUR ቢሆን ሁሉንም ላኪው ይሸፍናል። ይህን የሚመርጠው ላኪው ቅጹን ሲሞላ ነው። ብዙ አሠሪ SHA የሚልከው ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ቀድሞ ተመርጦ ስለሚመጣለት ነው።

ሁለት ነገር እንድትጠይቅ መከርኳት። አንደኛው ክፍያው በወር አንዴ 800 ሆኖ እንዲመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ ቅናሽ በመጠኑ ልክ የሚያድግ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ነው የሚቆረጠው። በወር ሁለት ጊዜ 25 ከሚሄድ አንድ ጊዜ ይሂድ። ወር ሙሉ መጠበቅ ግን ለሁሉም አይሆንም። ሥራውን ከጨረሱ በኋላ አሠሪው ባይከፍል የሚጠፋው የአንድ ወር ድካም ነው። እሷ ከዚህ ድርጅት ጋር ስለቆየች አመነቻቸው። ሁለተኛው OUR እንዲሆን ነው። አሠሪው ሁለቱንም እሺ አለ።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ሰኔ ላይ አሠሪው የOURን ወጪ አይቶ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። «ደመወዝሽን በብር እንወስነው፣ በወር 45,600 ብር። ለዚያ የሚበቃውን ዶላር በየወሩ በሐዋላ ድርጅት እንልካለን፣ አንቺም ቅናሽ አይነካሽም» አላት። 800 ዶላር በ57 ብር ሲሰላ ማለት ነው። የዚያን ቀን ሒሳብ ልክ ነው። ልጅቷ ደስ ብሏት ነበር፤ ቁጥሩ አይለዋወጥማ።

እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። «እታለም፣ ብሩ ቢወድቅ ማን ይጎዳል?» አልኳት። ውሉ በዶላር ሲሆን የምንዛሪው ለውጥ የእሷ ነው። በብር ሲሆን ደግሞ ብር በወደቀ ቁጥር አሠሪው የሚልከው ዶላር ይቀንሳል፣ የእሷ ገቢ ግን ባለበት ይቀመጣል። የብር ዋጋ ይጨምራል ብሎ ለሚያምን ሰው የብር ውል ይሻላል። የብርን የኋላ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ያን ማመን ይከብዳል። ተነጋግረን በዶላር ይቆይ አለች። ለአሠሪው በጨዋነት ጻፈች፣ እነሱም ተቀበሏት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ዶላሩ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ ነሐሴ ላይ ከ100 አለፈ። በ100 ብንቆጥረው 800 ዶላሯ 80,000 ብር ነው። የብር ውሉን ፈርማ ቢሆን ኖሮ 45,600 ላይ ትቀር ነበር። ለዚያ ደግሞ አሠሪው 456 ዶላር ብቻ ይበቃው ነበር፣ ለዚያው ሥራ። ዘይትና የቤት ኪራይ ሲወደድ ደመወዟም አብሮ መራመዱ ቤቷን አቆመው። ማንም ያን ቀን አስቀድሞ አልነገረኝም፤ አደጋው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ብቻ ነበር ያየሁት።

OURም ቢሆን ፍጹም ዋስትና እንዳልሆነ ኋላ አየነው። ጥቅምት ላይ አንድ መሐል ያለ ባንክ 10 ዶላር ቆርጦ 790 ገባ። ላኪው ሁሉንም ከፍሎ እያለ እንዲህ የሚያደርጉ ባንኮች አሉ። እሷ ግን በውሉ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር አስገብታ ነበር፦ «ተቀባይዋ ባንክ የሚደርሰው የተጣራ መጠን 800 የአሜሪካ ዶላር ይሆናል»። የደረሰውን MT103 ከኢንቮይሱ ጋር አያይዛ ላከች፣ ጎዶሎዋ በቀጣዩ ወር ተደመረላት።

አሁን የዶላር ሒሳብም ከፍታለች። ምንዛሪው ሲለቀቅ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከውጭ ደመወዝ ለሚቀበል ነዋሪ ይህን ይፈቅዳል። ከዚያ ሒሳብ የምትከፍለው የዲዛይን ሶፍትዌሯን ነው፤ ዶላሯን ሸጣ መልሳ በመሸጫ ዋጋ ከመግዛት ድናለች። ለኪራይና ለአስቤዛ የሚያስፈልጋትን ግን በየወሩ ትመነዝራለች፣ የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ።