ሽያጩ ጨመረ፣ ትርፉስ?

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ፣ ሻሽ ከሚሸጠው የአክስቴ ልጅ ዘንድ አረፈድሁ። ዋጋ ከቀነሰ ወዲህ ደንበኛ እንደበዛለት በደስታ ሲያወጋኝ፣ አጠገቡ የሚነግዱ እናት «ልጄ፣ መሳቢያው መሙላቱን ተወውና፣ ከአንዱ ሻሽ ስንት ይቀርሃል?» ሲሉ ጠየቁት።

ሻሹን ከጅምላ ሻጭ በ300 ብር ያመጣዋል። ቀድሞ በ400 ብር በቀን 20 ያህል ስለሚሸጥ፣ ከ8,000 ብር ሽያጭ 2,000 ብር ይተርፈው ነበር። ዋጋውን ወደ 350 ብር ሲያወርድ በቀን 32 መሸጥ ጀመረ፤ ሽያጩም 11,200 ብር ደረሰ። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ የሚቀረው 50 ብር ብቻ በመሆኑ ትርፉ ወደ 1,600 ብር ወረደ፤ ደንበኛውን ብቻውን ማስተናገድ ስላልቻለ ለቀጠረው ረዳት በቀን 200 ብር ሲከፍል ደግሞ 1,400 ብር ቀረው።

የሚያዘናጋው፣ በእኔ አስተያየት፣ በ400 ብር ዕቃ ላይ 50 ብር መቀነስ ትንሽ መስሎ መታየቱ ነው፤ ቅናሹ ግን የሚነሳው ከመቶ ብሩ ትርፍ ስለሆነ ግማሹን ይወስዳል። በመሆኑም የቀድሞውን 2,000 ብር ለማግኘት 40 ሻሽ፣ የረዳቱ ክፍያ ሲታከል ደግሞ 44 ሻሽ መሸጥ ይኖርበታል። ፋሽኑ ሊያልፍበት የተቃረበ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ቅናሹን ባልነቀፍሁበት ነበር።

ከነገ ጀምሮ ወደ 400 ብር ሊመለስ ወስኗል፤ እናትየው ግን በ350 የለመደ ደንበኛ በቀላሉ እንደማይቀበለው አስጠንቅቀውታል።