ለሁለት በዓል አንድ ማስታወቂያ

ደሴ፣ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ረመዳን ዛሬ ገባ። ለደንበኞቻችን የምንልከውን የበዓል መዝጊያ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ያዘገየሁት ይህን ቀን ለማረጋገጥ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 8 ሲውል ኢድ አልፈጥር በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ይመጣል። የልብስ ስፌት ቤታችን ደግሞ የሚተዳደረው በእነዚህ ሁለት በዓላት ገበያ ነው፤ በአንዱ ጠረጴዛ ለፋሲካ የሐበሻ ቀሚስ ሲጠለፍ በሌላው ለኢድ ጀለቢያ ይቆረጣል። ሠራተኞቹም እንደ ከተማችን ሁሉ ከሁለቱም ወገን ናቸው።

የፋሲካ ቀን ችግር የለበትም። ባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ አስልቶ ስለሚያስቀምጠው፣ ዐቢይ ጾም በገባበት በየካቲት 13 ለነባር ደንበኞች የመጨረሻውን የትዕዛዝ ቀን ነግረናቸዋል። የኢድ ቀን ግን በጨረቃ የሚወሰን ነው። ረመዳን ሳይገባ ማስታወቂያ ቢወጣ ኖሮ ሐሙስ ሚያዝያ 12፣ ዓርብ 13 ወይም ቅዳሜ 14 ሊሆን ይችላል ብሎ ሦስት ቀን መዘርዘር ግድ ይሆን ነበር። ጾሙ ዛሬ ስለተጀመረ 29 ሞልቶ ጨረቃ ከታየች ዓርብ፣ 30 ከሞላ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ለደንበኛ ማስረዳት ይቻላል፤ ሦስት ቀን ግን ማደናገር ነው። (ዐረፋ ቢሆን ይህ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር፤ የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየች በኋላ በዓሉ አሥረኛው ቀን ላይ ስለሚውል ለመዘጋጀት ጊዜ ይገኛል።)

የመጨረሻውን የትዕዛዝ ቀን የማሰላው ከበዓሉ ሳይሆን ደንበኛው ጥቅሉን በእጁ ከሚይዝበት ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ ጥቅሉ ከደሴ ጎሕ ሳይቀድ በሚነሣው አውቶቡስ ተጭኖ አመሻሹ ላይ መናኸሪያ ይደርሳል፤ የሚወስዱትም በማግስቱ ነው። ዓርብ ሚያዝያ 6 ስቅለት ስለሆነ ዕቃ መቀበያው ይዘጋል፤ ሐሙስ ብንጭን ደንበኛው ጥቅሉን የሚያገኘው ቅዳሜ፣ በዋዜማው ግርግር መካከል ነው። ስለዚህ ለፋሲካ የመጨረሻው ጭነት ረቡዕ ሚያዝያ 4 ንጋት ላይ ይነሣል፤ ይህ ደግሞ ካውያና ማሸግ ማክሰኞ 3 እንዲያልቅ ይጠይቃል። ቆርጦ ለመስፋትና ጥልፉን ለመጨረስ አራት የሥራ ቀን ያስፈልጋል፤ እሑድ ሚያዝያ 1 ሆሣዕና በመሆኑ አይቆጠርም፤ በዚህ ስሌት ስፌቱ ሐሙስ መጋቢት 28 መጀመር አለበት። ሸማኔው ጥለቱን አስገብቶ የአንድ ቀሚስ ጨርቅ ለማውረድ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል። ሁሉም ሲደመር ልክ ተወስዶለት የሚሠራ የፋሲካ ቀሚስ የመጨረሻው የትዕዛዝ ቀን ረቡዕ መጋቢት 20፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል።

ደንበኞች ይህን ቀን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ከበዓሉ በፊት ከሁለት ሳምንት በላይ አለና። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የደወለች አንዲት መምህርት ለራሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ ትፈልጋለች።

«እትዬ፣ ደመወዝ የሚገባው በወር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ብትጠብቂኝ ምን አለበት?» አለችኝ።

«እህቴ፣ እኔስ እጠብቅሽ ነበር፤ የማይጠብቀው ሸማኔው ነው። መጋቢት 30 ላይ ብታዢ ጨርቁ የሚወርደው በትንሣኤ ዋዜማ ነው» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጉዳዩን አሰብኩበት። ከደመወዝ ቀን በፊት የሚወድቅ የትዕዛዝ ቀን ግማሽ ዋጋ በቀብድ ሲጠይቅ፣ በሩ በተግባር ለደመወዝተኛ ደንበኛ ዝግ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ የበዓል ሰሞን ብቻ ቀብዱን ከግማሽ ወደ ሲሶ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ሲሶው የክሩንና የሸማኔውን ክፍያ ይችላል። ቀሪው ደግሞ ማሸጊያው ቀን ማክሰኞ ሚያዝያ 3 እስከ እኩለ ቀን ይጠናቀቃል። መምህርቷ ይህን ስነግራት ወዲያውኑ ተስማማች። ትዕዛዝ የሚቆጠረው ግን በደወሉበት ሰዓት አይደለም፤ ቁመት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና የእጅጌ ልክ ተሟልቶ፣ ቀብዱም ገብቶ ሲታይ ነው። የሕፃን ልክ «ዕድሜዋ ሰባት ነው» ተብሎ ከተላከ ቀኑ አይያዝም፤ ይህን ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ካላሰፈርን በመጨረሻው ቀን ምሽት የሚመጣው የጎደለ ልክ ሁሉ በጊዜው እንደ ደረሰ ተቆጥሮ ክርክር ይነሣል።

ከውጭ አገር ለዘመዶቻቸው የሚያዙልን ደንበኞች አሉ። ለእነሱ ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ዘንድሮ የምዕራባውያኑ ፋሲካ ኤፕሪል 9 ነው፤ የእኛው ኤፕሪል 16። «ከፋሲካ በፊት ይድረስልኝ» የሚል መልእክት አንድ ሳምንት የሚለያዩ ሁለት ቀኖችን ሊያመለክት ስለሚችል፣ በማስታወቂያው ላይ የበዓሉን ስም ብቻውን አልጠቀምም፤ ቀኑ አብሮት ይጻፋል። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ «ከቀኑ 11 ሰዓት» ካልኩ በኋላ «በውጭ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ጊዜ» ብዬ እጨምራለሁ።

የኢዱ ስሌት ከዚህ ይለያል። ጀለቢያው የሚሰፋው ከሱቅ በሚገዛ ጨርቅ ስለሆነ ሸማኔ አይጠብቅም፤ ሆኖም የሥራው ሰዓት ያጥራል። በረመዳን ጾመኞቹ ሠራተኞች ለኢፍጣር ቤታቸው እንዲደርሱ 10 ሰዓት ላይ ይወጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚጨርሰውን መጠን በተለመደው ቀን ልክ ማስላት ራስን ማታለል ነው። በሌላ በኩል በሰሙነ ሕማማት ክርስቲያኖቹ ሲያርፉ እነሱ ሐሙስ ሚያዝያ 5 እና ቅዳሜ 7 ለመሥራት ፈቅደዋል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ማክሰኞ 10 መጥተው የኢዱን ጥቅል ያሽጋሉ። ይህን መለዋወጥ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ዘርፍ የሚቋጩልን እናት ጉዳዩን ሳነሣባቸው «ልጄ፣ አብሽሪ፤ እነሱ የእኛን ይዘጋሉ፣ እኛ የእነሱን እንዘጋለን» ብለው ጨረሱት።

እዚህ ላይ የምመርጠው ነገር ነበር። በሁለቱ በዓላት መካከል ማክሰኞና ረቡዕ እንደ ወትሮው ከፍተን ትዕዛዝ ብንቀበል ለሁለት ቀን ሽያጭ ሲባል ማስታወቂያው ሁለት መዝጊያና ሁለት መክፈቻ ይኖረዋል፤ በዚያ ጊዜ የሚመጣ አዲስ ትዕዛዝ ደግሞ ለየትኛውም በዓል አይደርስም። ስለዚህ አንድ ረዥም የትዕዛዝ መዝጊያ አድርጌዋለሁ፦ ከሐሙስ ሚያዝያ 5 ጀምሮ አዲስ ትዕዛዝ አይያዝም፤ በመካከሉ የኢድ ጥቅሎች ብቻ ይላካሉ። የመጨረሻው የኢድ ጭነት ረቡዕ ሚያዝያ 11 ንጋት ይነሣል፤ አዲስ አበባ ያለው ደንበኛ ሐሙስ 12 ይወስደዋል፤ ኢዱ ዓርብ ቢሆንም ደርሶለታል፣ ቅዳሜ ቢሆን ደግሞ አንድ ቀን ይተርፈዋል። ላኪ ሁልጊዜ የሚያሰላው በቅርቡ ቀን ነው። በልክ የሚሰፋ የኢድ ልብስ የመጨረሻ ቀኑ ቅዳሜ መጋቢት 30 ሲሆን፣ ተሰፍቶ የተቀመጠ ጀለቢያ፣ ነጠላና ጋቢ ግን እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 4 እኩለ ቀን ይታዘዛል። ለኮምቦልቻ ደንበኞች ጥቅሉ በዕለቱ ሚኒባስ ስለሚደርስ አንድ ተጨማሪ ጭነት ሐሙስ 12 ጧት ይኖራል።

መክፈቻውን መወሰን እንዲያውም ቀለል ይላል። ኢዱ ዓርብም ዋለ ቅዳሜ፣ እሑድ 15 ዳግማዊ ትንሣኤ ነው፤ ሰኞ ሚያዝያ 16 በሁለቱም ስሌት የሥራ ቀን ነው። ጨረቃዋ እንዴትም ብትሆን የማይናወጥ ቀን በመሆኑ ያለ «ምናልባት» ይጻፋል።

ነገር ግን «ሰኞ እንከፍታለን» የሚለውን ደንበኛ «ሰኞ ይላክልኛል» ብሎ ነው የሚረዳው። ሰኞ የምንሠራው በመዝጊያው ጊዜ የመጡትን መልእክቶች በመጡበት ቅደም ተከተል መመዝገብና ክር ለሸማኔ መስጠት ነው። የተዘጋጀ ዕቃ ጭነት የሚጀምረው ረቡዕ ሚያዝያ 18 ነው። በልክ የሚሠራው ደግሞ ከዚያ በጣም ይርቃል፤ ሰኞ 16 ለሸማኔ የተሰጠው ክር በሳምንቱ ሰኞ 23 መውረድ ሲገባው ቀኑ የሠራተኞች በዓል ነው፤ ማክሰኞ 24 እንቀበላለን። ስፌቱ ረቡዕ 25 ተጀምሮ ዓርብ 27 የአርበኞች የድል በዓልን ይዘላል፤ ሰኞ 30 ያልቃል፤ ማክሰኞ ግንቦት 1 ይታሸጋል፤ ረቡዕ ግንቦት 2 ይጫናል። ከበዓሉ መልስ ስለ መዘግየት የሚመጣው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ትናንሽ በዓላት ነው፤ በትልቁ በዓል መዝጋታችንን ሁሉም ያውቃል፣ ሚያዝያ 23ን እና 27ን ግን ማንም ደምሮ አይቆጥርም።

አሁን ማስታወቂያውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን። ለፋሲካ (እሑድ ሚያዝያ 8) በልክ የሚሠራ ቀሚስ የምናዝዘው እስከ ረቡዕ መጋቢት 20 ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ጭነት ረቡዕ ሚያዝያ 4 ንጋት ይነሣል። ለኢድ አልፈጥር (ዓርብ ሚያዝያ 13 ወይም ቅዳሜ 14) በልክ የሚሰፋውን እስከ ቅዳሜ መጋቢት 30 ከቀኑ 10 ሰዓት፣ የተዘጋጀውን እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 4 እኩለ ቀን እንቀበላለን፤ የመጨረሻው ጭነት ወደ አዲስ አበባ ረቡዕ ሚያዝያ 11፣ ወደ ኮምቦልቻ ሐሙስ 12 ነው። ትዕዛዝ የሚያዘው ሙሉ ልክና የሲሶ ቀብድ ሲደርሰን ነው። ከሐሙስ ሚያዝያ 5 እስከ እሑድ 15 አዲስ ትዕዛዝ አንቀበልም። ሰኞ ሚያዝያ 16 እንከፍታለን፤ የተዘጋጀ ዕቃ መላክ ረቡዕ ሚያዝያ 18፣ በልክ የሚሠራ ልብስ መላክ ረቡዕ ግንቦት 2 ይጀመራል። እንኳን አደረሳችሁ።»

«የምናዝዘው» የሚለውን «የምንቀበለው» ብዬ ማረም አለብኝ፤ የሚያዝዘው ደንበኛው ነውና። የውጭ አገሩ ቅጂ የአውሮፓ ቀኖቹ ተጨምረውበት ነገ ጧት ይላካል፤ የደሴዎቹ ደግሞ ሱቁ በር ላይ ያነቡታል። በመዝጊያው ጊዜ ስልኩን የሚይዘው ቆራጫችን ነው፤ ስለ ተጫነ ጥቅል ይመልሳል፣ አዲስ ትዕዛዝ ግን እንዳይመዘግብ ተነጋግረናል።