«ገለልተኛ»ን ወዴት ታስጠጉታላችሁ? የስምምነት መለኪያና የፕሮፖርሽናል ኦድስ እሳቤ

በባሕር ዳር ዙሪያ ካሉ የጣና ዳርቻ ቀበሌዎች በሰበሰብነው መጠይቅ ውስጥ «እምቦጭን በእጅ መንቀል ለሐይቁ መፍትሔ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። መልሱ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ደረጃ አለው፤ መሐሉ «ገለልተኛ» ነው። ማወቅ የፈለግሁት ዓሣ አስጋሪዎችና ገበሬዎች በዚህ ላይ ይለያዩ እንደሆነ ነው። ለእንዲህ ያለ መልስ ኦርዲናል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተገቢው መሣሪያ ነው፤ ደረጃዎቹ ቅደም ተከተል እንዳላቸው ይቀበላል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው ብሎ ግን አያስገድድም። መረጃ ማጽዳቱና ሞዴሉን ማስኬዱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የፕሮፖርሽናል ኦድስ እሳቤ ሲፈርስ የሚሰጠው ምክር ነው። አብዛኛው ምክር ስህተት ነው፤ ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ሳምንታት ባተረፍሁ ነበር።

እሳቤው ይህን ይላል። አምስት ደረጃ ካለ በመካከላቸው አራት መቁረጫ አለ። በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ ከበላይ ያሉትን ሰዎች ከበታች ላሉት ብናካፍል ኦድስ እናገኛለን። የአስጋሪዎቹን ኦድስ ለገበሬዎቹ ስናካፍል ደግሞ ኦድስ ሬሾ ይሆናል። ሞዴሉ ይህ ሬሾ በአራቱም መቁረጫዎች ላይ አንድ ነው ብሎ ስለሚያስብ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠናል።

በወረቀት ላይ እንዲሰላ ብዬ ያዘጋጀሁትን ማሳያ እንይ። ቁጥሮቹ የመጠይቁ አይደሉም፤ የችግሩ ቅርጽ ግን ያው ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 200 ሰው አለ። ከ«በጣም አልስማማም» ጀምሮ የገበሬዎቹ መልስ 20፣ 40፣ 60፣ 60፣ 20 ነው፤ የአስጋሪዎቹ 50፣ 30፣ 20፣ 40፣ 60። በመጀመሪያው መቁረጫ ገበሬዎቹ 180 ለ20፣ ማለትም 9፣ አስጋሪዎቹ 150 ለ50፣ ማለትም 3 ናቸው፤ ሬሾው 0.33 ይሆናል። በዚሁ መንገድ ሁለተኛው 0.64፣ ሦስተኛው 1.5፣ አራተኛው 3.86 ይመጣል። ሬሾው 1ን ተሻግሮ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሄዷል። አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጠው ሞዴል ደግሞ እነዚህን አቻችሎ ከ1 ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ውጤት ያወጣል፤ የመተማመኛ ወሰኑም 1ን ስለሚይዝ «ልዩነት የለም» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን አስጋሪዎቹ ወደ ሁለቱም ጫፍ መሸሻቸው ነው።

እሳቤው መያዙን የሚመረምሩ የስታቲስቲክስ ፈተናዎች አሉ። እዚህ ላይ የተሰጠኝ መመሪያ «ፈተናው ከወደቀ አምስቱን ደረጃ ወደ ሁለት ጨፍልቀው» የሚል ነበር። አማካሪም፣ የሪፖርት ቅጽም ይህንኑ ይሉ ነበር፤ አንዳቸውም «ገለልተኛ» ወዴት እንደሚገባ አልጠየቁም። ከማይስማሙት ጋር ካስገባነው የምንቆርጠው በሦስተኛው መቁረጫ ላይ ስለሆነ ሬሾው 1.5 ነው፤ አስጋሪዎች ከገበሬዎች ይልቅ ይስማማሉ። ከሚስማሙት ጋር ካስገባነው ሬሾው 0.64 ይሆናል፤ አስጋሪዎች ከገበሬዎች ያነሰ ይስማማሉ። አንድ መረጃ፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ። ይህን በእጄ ሳሰላው ተናደድሁ፤ ምክሩን ሳልጠይቅ በመቀበሌ ደግሞ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ እላለሁ። ከማንኛውም ፈተና በፊት በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ለየብቻ አስኪዱና ሬሾዎቹን ጎን ለጎን ጻፏቸው። 1.8፣ 1.9፣ 2.1፣ 2.2 ቢመጣ ፈተናው ፒ ዋጋው ከ0.05 በታች ነው ቢልም ሞዴሉን አልጥለውም። ናሙናው ትልቅ ሲሆን የብራንት ፈተናም ሆነ የፓራለል ላይንስ ፈተና ለዚህች ታህል ልዩነት ይጮኻሉ፤ አራቱም ቁጥሮች ግን አንድ ነገር ነው የሚሉት። አቅጣጫ ከተለወጠ ግን ፒ ዋጋው ምንም ይሁን ምን አንዱን ቁጥር አታቅርቡ። በአንዱ የጫፍ ደረጃ ላይ ሦስት አራት ሰው ብቻ ካለ ደግሞ የዚያ መቁረጫ ሬሾ አይረጋም፤ እጅግ ሊገዝፍም እጅግ ሊያንስም ይችላል፤ ያኔ ያንን ደረጃ ከጎረቤቱ ጋር ማዋሃድ ተገቢ ነው፤ ሁሉንም ወደ ሁለት መጨፍለቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማሳያውን በአር ለማየት ይህ ይበቃል፦

```r
library(ordinal)
d <- data.frame(
  g = factor(rep(c("gebere", "asgari"), each = 5),
             levels = c("gebere", "asgari")),
  y = factor(rep(1:5, 2), ordered = TRUE),
  n = c(20, 40, 60, 60, 20, 50, 30, 20, 40, 60))
d <- d[rep(1:10, d$n), ]
m1 <- clm(y ~ g, data = d)
nominal_test(m1)
m2 <- clm(y ~ 1, nominal = ~ g, data = d)
m3 <- clm(y ~ g, scale = ~ g, data = d)
AIC(m1, m2, m3)
```

`m1` አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጠው ሞዴል ነው፤ `m2` ለእያንዳንዱ መቁረጫ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፤ በ`nominal` ስር የሚወጣው ቁጥር የመቁረጫው አካል ስለሆነ ምልክቱ ይገለበጣል። በ`1|2` ላይ +1.10 ታያላችሁ፤ ከላይ ያገኘነው 0.33 ግን ሎጉ −1.10 ነው። በ`4|5` ላይም −1.35 ይወጣል፤ የ3.86 ሎግ +1.35 ሆኖ ሳለ። ምልክቱን ሳይቀይር የጻፈ ሰው ውጤቱን በሙሉ ገልብጦ ያቀርባል። ሌላው ወጥመድ ዕድሜን የመሰለ ተከታታይ ተለዋዋጭ ነው፤ እሱን በ`nominal` ስታስገቡ መስመሮቹ ራቅ ያለ ዕድሜ ላይ ሊቆራረጡና ኔጌቲቭ ፕሮባቢሊቲ ሊሰጡ ይችላሉ።

እኔ የምመርጠው `m3`ን ነው። ይህ ሞዴል የአስጋሪዎቹ አስተያየት ከገበሬዎቹ ይልቅ የተበተነ ሊሆን ይችላል ብሎ ይነሣል፤ `m2` ከ`m1` ላይ ሦስት ቁጥር ሲጨምር እሱ የሚጨምረው አንድ ብቻ ነው። በማሳያችን የአስጋሪዎቹ ስርጭት ከገበሬዎቹ ከ2 እጥፍ ጥቂት ይበልጣል፤ የአራቱንም መቁረጫ መዛባት ይህ አንድ ቁጥር ከሞላ ጎደል ያስረዳል። `scale` የሚሰጣችሁ ግን ሎጉን ስለሆነ `exp` ማድረግ አትርሱ።

ሆኖም ከስታቲስቲክሱ በፊት የመስኩን ወረቀት መልሳችሁ እዩ። የገጠር ሰው «እንጃ» ወይም «እሱ ያውቃል» ሲል ጠያቂው «ገለልተኛ» ላይ ምልክት ካደረገ፣ መካከለኛው ደረጃ ሁለት ዓይነት ሰው ይዟል፤ አመዛዝኖ መሐል የቆመና ጉዳዩን የማያውቅ። አንዱ ወገን «እንጃ» ማለት የሚያበዛ ከሆነ መሐሉ ብቻ ያብጣል፤ የሬሾዎቹ መዛባትም ከአስተያየት ልዩነት ሳይሆን ከዚህ ሊመጣ ይችላል። «እንጃ» የራሱ ኮድ ይኑረው፤ በሞዴሉ ውስጥም አይግባ። እኛ ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላልሰጠነው በኋላ መለየት አልተቻለም።

ለሪፖርቱም ኦድስ ሬሾውን ብቻ አትጻፉ። እኔ ብሆን ለማሳያው የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከአስጋሪዎቹ 55 በመቶው፣ ከገበሬዎቹ 20 በመቶው ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ ናቸው። በማዕከላዊ ዝንባሌ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በስርጭት ግን ሰፊ ልዩነት አለ።» ሬሾዎቹ በመቁረጫ ቅደም ተከተላቸው ከዚህ ሥር በሠንጠረዥ ይከተሉ።